የሊዝበን ሌሊት፣ የዌሊንግተን ቀትር

ሩት ሊዝበን ትኖራለች፤ ናታን ዌሊንግተን። ሁለቱም የአንድ አጭር ልብ ወለድ ሰዎች ናቸው፣ እኔ የፈጠርኳቸው። አብረው ያደጉ፣ አንድ ክፍል የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ ኑሮ አንዷን ወደ ፖርቱጋል፣ አንዱን ወደ ኒው ዚላንድ ወሰዳቸው። በሥራ ቀን ሁሉ ይጻጻፋሉ። የእሷ መልእክት ግን ዘወትር የሚደርሰው እሱ ተኝቶ ሳለ ነው፤ የእሱም እሷ ተኝታ ሳለች።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ስነሳ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር። ሰዓቱ የናፍቆት ጌጥ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም። “አንተ ጋ ሲመሽ እኔ ጋ ይነጋል” የሚል ዓረፍተ ነገር ያምራል፤ ነገር ግን አንዴ ከተነገረ በኋላ ታሪኩን አንድ እርምጃ አያራምደውም። የሰዓት ልዩነቱ ራሱ አንድ ነገር መደበቅ፣ ከዚያም ራሱ መግለጥ ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ሂሳቡን ከልቤ መሥራት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የገረመኝ የ12 ሰዓት ልዩነት ለጓደኛሞች ያን ያህል ክፉ አለመሆኑ ነው። የአንዱ ጠዋት የሌላው ምሽት ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለቱም ነቅተው የሚገናኙበት በር አለ። መልእክቶቹ በሁለቱም አቅጣጫ ሌሊት ላይ እንዲወድቁ ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ ልዩነቱ ወደ 12 ሰዓት የተጠጋ መሆን አለበት፤ ልዩነቱ 8 ሰዓት ቢሆን የምዕራቡ ሰው ቀትር የምሥራቁ ሰው ምሽት ነው፣ ያኔ ሰው ገና አልተኛም። ሁለተኛ፣ ሁለቱም የሚጽፉት በቀናቸው እኩሌታ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ከምድር ወደ ሰዎቹ ዞረ፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለምን ቀትር ላይ ብቻ ይጽፋሉ?

ሩት በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፣ ማታ 5 ሰዓት ገደማ ትተኛለች። ብቻዋን የምትሆንባት ጊዜ የምሳ እረፍቷ ናት፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ። ናታን የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሳል፤ ፈረቃው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይጀምርና ከቀኑ 9 ሰዓት ያበቃል። ሠራተኛው ሁሉ ሲገባ ስልኩን ሣጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ የሚያወጣውም ምሳ ላይ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሥራ በኋላ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይወስዳል፣ እራት ያበላል፣ የቤት ሥራ ያያል፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ይተኛል። ጠዋትና ማታ ያለው በር ለሁለቱም ጠባብ ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። ይህን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ኋላ ታሪኩ የሚፈልገው በር ነውና። (ሰዓቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወሮቹንና ቀኖቹን በእነሱ።)

እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥኩት በካርታ ብቻ አይደለም። ከዌሊንግተን ተነስቶ ምድርን መሃል ለመሃል የሚበሳ መስመር የሚወጣው ስፔን ውስጥ ነው፤ ሊዝበን ጎረቤት ናት። እኔን የሳበኝ ግን ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ መቀያየራቸው፣ እሱንም በተቃራኒ አቅጣጫና በተለያየ ቀን ማድረጋቸው ነው። ሊዝበን በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ትገፋለች፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሳለች። ዌሊንግተን በሴፕቴምበር የመጨረሻ እሑድ ወደፊት ትገፋለች፣ በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። አንዷ ጋ በጋ ሲሆን ሌላዋ ጋ ክረምት ነውና።

ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቁጥር አይደለም። በሊዝበን በጋ 11 ሰዓት ነው፣ በሊዝበን ክረምት 13። በመሃል፣ በመጸው አንድ ወር ያህል፣ በጸደይ ደግሞ አንድ ሳምንት፣ ልክ 12 ይሆናል። በእነዚያ ሳምንታት የሩት የእጅ ሰዓትና የናታን የግድግዳ ሰዓት መርፌዎቻቸው አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ሌሊት።

ይህ በመልእክቶቻቸው ላይ ምን እንደሚያደርግ እዩ። ሩት በበጋ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የላከችው ናታን ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በክረምት ያው መልእክት፣ በዚያው የምሳ እረፍት የተላከው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል። የናታን ግን ወደ ኋላ ይመጣል። በበጋ እሷ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል የሚደርሰው፣ በክረምት ማታ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በክረምት የእሷ ቃል ወደ እሱ ሌሊት ጠልቆ ይገባል፣ የእሱ ቃል ደግሞ ወደ እሷ ምሽት ጠርዝ ይጠጋል፤ አንድ ቀን አምሽታ ብትቀመጥ ነቅታ ልታገኘው ትችላለች። ይህን ነጥብ ያዙት።

ቀኑም ይዛነፋል። የሩት ልደት በጃንዋሪ 20 ነው። ናታን በእሱ 20 ምሳ ላይ “እንኳን ተወለድሽ” ሲል እሷ ጋ ገና 19 ነው፣ ማታ 5 ሰዓት ተኩል። የእሱ ልደት በኖቬምበር 19 ነው። እሷ በ19 ምሳዋ ላይ ስትጽፍ እሱ ጋ 20 ገብቷል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። እሱ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ እሷ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ሁለቱም የላኩት በልደቱ ቀን ነው። በረቂቁ ውስጥ ሩት በዚህ ነገር ከምትናገረው በላይ ታዝናለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሌሊት የሚደርስ መልእክት ተቀባዩ ጋ ሰዓት የለውም። ከመልእክቱ ጎን ሰዓት መጻፉ እርግጥ ነው፤ ግን ማን ያየዋል? ሩት ጠዋት ተነስታ ስልኳን ስታነሳ የናታን መልእክቶች አንድ ላይ ተከማችተው ይጠብቋታል። ማታ 5 ሰዓት ተኩል የመጣውም፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የመጣውም ለእሷ የመጣው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። ቀን ቢሆን ኖሮ አንድ ጓደኛ የሚጽፍበት ሰዓት ራሱ ወሬ ነው። ሁሌ ከሥራ በኋላ የሚጽፍ ሰው ረፋድ ላይ ከጻፈ “ምነው፣ ዛሬ ሥራ አልገባህም?” እንላለን። በእንቅልፍ ያለፈ ሌሊት ግን ሰዓቶቹን አንድ ያደርጋቸዋል። ቃሉ ይደርሳል፣ የተጻፈበት ሰዓት መንገድ ላይ ይቀራል።

ታሪኬ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ጊዜው 2024 ነው፣ መጸው። በኦክቶበር ልዩነቱ ልክ 12 ነበርና የናታን መልእክት ሩት ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነበር። እሑድ ኦክቶበር 27 ሊዝበን ሰዓቷን መለሰች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የናታን መልእክቶች ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሩብ፣ አንዳንዴ 7 ሰዓት ከ40 ላይ መምጣት ጀመሩ። ሩት አንድ ጠዋት ይህን በዓይኗ አየችው፤ “ሰዓት ተቀይሮ ነው” ብላ አለፈችው። ማንም ሰው እንዲሁ ይል ነበር። ሰዓት ሲቀየር ነገር በአንድ ሰዓት ገደማ ይዛነፋል፣ ይህም በአንድ ሰዓት ገደማ ተዛንፏል።

አቅጣጫውን ግን አላየችም። ሊዝበን ሰዓቷን ወደ ኋላ ስትመልስ የናታን ምሳ እሷ ጋ መድረስ ያለበት ቀደም ብሎ ነው፤ ማታ 5 ሰዓት ተኩል። መልእክቶቹ ግን የመጡት ዘግይተው ነው። የጠበቀችው ለውጥ በመጠን ትክክል ነበር፣ በአቅጣጫ የተገላቢጦሽ። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ሩብ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን ደግሞ ሰዓት መቀየሩ ሸፈነው። ታሪኩን ሳዋቅር በጣም የደከምኩት እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢውም ከሩት ጋር “ሰዓት ተቀይሮ ነው” ብሎ እንዲያልፍ፣ ነገር ግን ማስረጃው ሁሉ ፊት ለፊቱ እንዲሆን።

ነገሩን የሚገልጠው የልደት ቀን ነው። እሑድ ኖቬምበር 17 ማታ ሩት ዘንድሮ ላለመዘግየት ትወስናለች። ናታን በ19 ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲነሳ፣ ስልኩን ሣጥን ውስጥ ሳይቆልፍ፣ መልእክቷ እንዲጠብቀው ትፈልጋለች። ሂሳቡ በጭንቅላቷ ይምታታባታል፤ ስለዚህ ስልኳ ቅንብር ውስጥ ገብታ የሰዓት ቀጠናውን ወደ ዌሊንግተን ትቀይረዋለች። ሰኞ 18 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መላክ እንዳለባት ታያለች። ከዚያ ቀጠናውን ሳትመልስ የመልእክት ገጻቸውን ትከፍታለች።

የመልእክት መተግበሪያዎች መልእክቱ የተላከበትን ቅጽበት የሚያስቀምጡት በአንድ የጋራ ሰዓት ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩት ደግሞ ስልኩ ባለበት ቀጠና ተርጉመው ነው። ቀጠናውን ስትቀይሩ የቆዩት መልእክቶች ሰዓትም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ ሩት የገጠማት የራሷ ስልክ፣ የራሷ ጭውውት፣ ነገር ግን በናታን ሰዓት የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የምታየው ራሷን ነው። የኖቬምበር የምሳ እረፍቷ ሁሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 8 ሰዓት ከ10፣ 8 ሰዓት ከ20 ሆኗል። ለእሱ ሁሌም እንቅልፍ እንዳጣች ሴት ትመስል ነበር ማለት ነው። በዚህ ጥቂት ትስቃለች። ከዚያ ወደ እሱ መልእክቶች ትወርዳለች። የሴፕቴምበር መልእክቶች፦ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፣ 6 ሰዓት ከ35፣ 6 ሰዓት ተኩል። ኦክቶበር ያው ነው፣ እስከ ዓርብ 25 ድረስ። ከዚያ ማክሰኞ 29፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሩብ። ረቡዕ፣ 8 ሰዓት ከ40። ሐሙስ፣ 8 ሰዓት ከ20። በሥራ ቀናት፣ በፈረቃው መሃል፣ ስልኩ ተቆልፎ መቀመጥ ባለበት ሰዓት። ቃላቱ አልተለወጡም። “ዛሬ ዕቃው ብዙ ነበር።” “ደክሞኛል፣ ነገ እጽፍልሻለሁ።” ሰዓቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ብዙ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሩትን ያስለቅሳት ነበር። እኔ ሩትን ቡና አስፈላኋት። ታሪኩ እስከዚህ ድረስ ስለ ማወቅ ነበር፤ ካወቀች በኋላ የሚጠበቅባት ከሁሉ የሚከብደው ነገር፣ ነቅቶ መጠበቅ ነው።

በዋትሳፕ አንድ ግራጫ ራይት ማለት መልእክቱ ከላኪው ወጥቷል፤ ሁለት ግራጫ ራይት ማለት ተቀባዩ ስልክ ደርሷል፤ ሁለቱ ሰማያዊ ሲሆኑ ተነቧል። ናታን ለዓመታት የሚያውቀው ሁለት ግራጫ ራይት ነው። የሩት ስልክ ሌሊት ድምፁ ይጠፋል እንጂ አይዘጋምና መልእክቱ ወዲያው ይደርሳል፤ ሰማያዊው የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። ይህ ግራጫ ለእሱ መጠለያ ሆኖታል። ደርሷል፣ ግን አልተጠየቅሁም።

ሰኞ ኖቬምበር 18፣ ሊዝበን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ላይ መልእክቱ መጣ። “ሰላም ሩቴ፣ ዛሬም እንደ ወትሮው ነው፤ ሥራ በሥራ።” ራይቶቹ ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። ናታን ይህን ሲያይ የት እንደተቀመጠ በረቂቁ ውስጥ የገለጽኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮት ዳር። ከዚያ እንዲህ ተጻጻፉ፦

“ለምን አልተኛሽም?”

“አንተስ ስልክህ ለምን ሣጥን ውስጥ አይደለም?”

ረቂቁን ያነበበች አንዲት ወዳጄ ታሪኩ እዚህ ላይ ማብቃት አለበት አለችኝ። ጥያቄው በቂ ነው፣ መልሱን አንባቢው ያውቀዋል አለች። ሐሳቧን አከብራለሁ፤ ግን አልተስማማሁም። ናታን ለሦስት ሳምንት ያህል ጥያቄ በማይመጣበት ሰዓት ተደብቆ ቆይቷል። ጥያቄው በመጣበት ቅጽበት እኔም መጋረጃውን ብጥል፣ ከእሱ ጋር አብሬ መደበቄ ነው። ስለዚህ ደወለ።

የነገራት አጭር ነው። የሚሠራበት ክፍል ተዘግቷል። የመጨረሻው የሥራ ቀን ዓርብ ኦክቶበር 25 ነበር። ሰኞ 28 በኒው ዚላንድ የሠራተኞች ቀን በዓል ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ማንም ምንም አልጠረጠረም። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይወጣል። ለቤቱም አልተናገረም። የሊዝበን ሰዓት የተቀየረው በእነዚያ በዓልና እረፍት በሆኑ ቀናት መሃል ነው፤ ይህን አጋጣሚ የሰጠኝ የዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ራሱ ነው፣ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

ከዚያ ሩት አንባቢው የሚፈልገውን ጥያቄ ትጠይቃለች። ስልኩ ቀኑን ሙሉ እጁ ላይ ከነበረ፣ ለምን በዚያው በ6 ሰዓት ተኩል መጻፉን አልቀጠለም? ያኔ ምንም ምልክት አይኖርም ነበር፤ እስከ ዘላለምም አታውቅም ነበር።

“ሰዓታችሁ ተቀየረ፣” አላት። “6 ሰዓት ተኩል ብጽፍልሽ አንቺ ጋ 5 ሰዓት ተኩል ማታ ነው። ነቅተሽ ልታገኚኝ ትችያለሽ። ነቅተሽ ከሆነ ትጠይቂኛለሽ፤ አንቺ ከጠየቅሽኝ እዋሻለሁ ብዬ አላምንም።”

ይህን መልስ ከጻፍኩ በኋላ ናታንን በጣም ወደድኩት። እሱ ሂሳቡን ከሷ በተሻለ ያውቀዋል። አቅጣጫውን አልሳተም። ሰዓቷ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ስትጠጋ እሱ ሁለት እርምጃ ሸሸ፤ የተያዘውም በዚያች ትርፍ እርምጃ ነው። ሌሊቷን ይመርጥ የነበረው ስለማይወዳት አልነበረም። አንዳንድ ሰው እውነቱን ሊነግረው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ሲኖር፣ ያንን ሰው ከሁሉ አብልጦ ይፈራዋል። እንዲህ ያሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እኔም ታሪኩን የጻፍኩት ስለ እነሱ እያሰብኩ ነው።

ሩት አልተቆጣችም፣ አላጽናናችውምም። መጀመሪያ የጠየቀችው ለባለቤቱ መቼ እንደሚነግራት ነው። ዌሊንግተን ከቀኑ 9 ሰዓት እየቀረበ ነበር፤ ልጆቹን የሚወስድበት ሰዓት። “ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ” አለ። “ስንት ሰዓት ይተኛሉ?” “2 ሰዓት ተኩል።” እሷ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ የምትነሳበት ሰዓት። “እንግዲያው ከነገርካት በኋላ ደውልልኝ፤ ነቅቻለሁ።” ጠባቧ በር ያቺ ናት። ዓመታት ሙሉ እዚያው ነበረች።

ከዚያ ማታ ወዲያ በዚያች ሰዓት መነጋገር ይጀምራሉ፤ እሷ አውቶቡስ እስክትይዝ፣ እሱ እስኪተኛ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። የቀትር መልእክቶቹም አልቀሩም። ለልደቱ ያዘጋጀችውን መልእክት ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከክሊኒኩ ጓሮ ላከችው፤ እሱ ጋ ማክሰኞ 19 ከንጋቱ 11 ሰዓት ደረሰ።

አንድ ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ ጨምሬያለሁ፣ አላወጣውምም። እሑድ ማርች 30፣ 2025 የሊዝበን ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ የሩት 1 ሰዓት ተኩል ጠዋት የናታን 1 ሰዓት ተኩል ማታ ይሆናል። ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ኤፕሪል 6፣ ዌሊንግተን ሰዓቷን ስትመልስ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ልጆቹ እራት የሚበሉበት፣ ቤቱ የሚናወጥበት ሰዓት። ያቺ ግማሽ ሰዓት እዚያ ልትቆይ አትችልም። ሩት ይህን አስቀድማ አስባበታለች፤ ለማርች የመጨረሻ ሳምንት ስልኳ ላይ ማስታወሻ ይዛ “ከናታን ጋር አዲስ ሰዓት መወሰን” ብላለች።